የእቁቡን 12,000 ዶላር በአንዴ ወይስ በየወሩ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ እናስብ። በየወሩ 1,000 ዶላር የሚጣልበት የአሥራ ሁለት ሰው እቁብ አላት። እጣው ወጣላትና 12,000 ዶላር እጇ ገባ። አስቸኳይ ወጪ የለባትም፤ ስለዚህ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለውን የአክሲዮን መለኪያ የሚከተል ኢንዴክስ ፈንድ ልትገዛበት አሰበች። ይህ ፈንድ በአንድ ግዢ ከአምስት መቶ ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ትንሽ ትንሽ ድርሻ የሚሰጥ ነው። ልትገዛ ስትል ግን አንድ ጥያቄ ያዛት፦ ሙሉውን ዛሬ ላስገባ ወይስ በየወሩ 1,000፣ 1,000 እያደረግሁ ዓመት ላዳርሰው?

በየጊዜው እኩል መጠን እያስገቡ መግዛት በባለሙያዎቹ አጠራር ዶላር ኮስት አቨሬጂንግ ይባላል። ቤንጃሚን ግራሃም የተባለው አሜሪካዊ የኢንቨስትመንት መምህር በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ ለተራው ቆጣቢ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚጠሩ ብዙ ጀማሪዎች ይደናገራሉ። ከደመወዝ ላይ በየወሩ 500 ዶላር እየተቆረጠ ወደ ጡረታ ሒሳብ ሲገባ ምርጫ የለም፤ ገንዘቡ የሚመጣው በየወሩ ነው፣ እንደመጣም ይገባል። የሚቀጥለውን ዓመት ደመወዝ ዛሬ ማስገባት የሚችል ሰው የለም። እንዲያውም ይህ ሰው ያለውን ሁሉ ወዲያው የሚያስገባ ሰው ነው። በአንዴ ወይስ ከፋፍሎ የሚለው ክርክር የሚነሳው ገንዘቡ አስቀድሞ በእጅ ሲኖር ብቻ ነው፦ እቁብ ሲደርስ፣ የግብር ተመላሽ ሲመጣ፣ ከሥራ ሲለቁ የሚሰጥ ክፍያ ሲገኝ፣ ውርስ ሲደርስ።

ሒሳቡን በእውነተኛ ዋጋ እንየው። እቁቡ የወጣላት በ2012 ዲሴምበር መጨረሻ ነው እንበል። የዚያን ቀን መለኪያው የተዘጋው 1,426 ላይ ነበር። 12,000ውን በአንዴ ብታስገባ፣ መለኪያው 1,848 ላይ በተዘጋበት በ2013 የመጨረሻ ቀን 15,550 ዶላር ገደማ ይሆንላት ነበር። ያንኑ ገንዘብ ከዚያ ቀን ጀምራ በየወሩ መጨረሻ 1,000 እያደረገች በአሥራ ሁለት ጊዜ ብታስገባ ግን በእጇ የሚኖረው 13,770 ያህል ነው። ገበያው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሲወጣ ስለነበር እያንዳንዱ የዘገየ ሺህ ዶላር ከመጀመሪያው በውድ ነው የገዛው። የመጨረሻው ሺህ የገባው መለኪያው 1,806 ከደረሰ በኋላ ነበር። መጠበቅ 1,780 ዶላር ገደማ አሳጣት።

አሁን ዓመቱን እንለውጥ። እጣው የወጣው በ2007 ዲሴምበር መጨረሻ፣ መለኪያው 1,468 ላይ እያለ ነው። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ መለኪያው 903 ላይ ነበር። በአንዴ የገባው 12,000 ወደ 7,380 ወረደ። በየወሩ የገባው ደግሞ 8,770 ገደማ ሆነ። ሁለቱም ከስረዋል፤ ከፋፍላ ብታስገባ ኖሮ ግን 1,380 ዶላር ያህል ይተርፋት ነበር። በሁለቱም ምሳሌ የትርፍ ድርሻውን፣ እንዲሁም ተራውን የሚጠብቀው ገንዘብ ባንክ ውስጥ የሚያገኘውን ወለድ አልቆጠርኩም።

እንግዲህ አንድ ዓመት ለአንዱ፣ አንድ ዓመት ለሌላው አደላ። ስለዚህ እኩል ናቸው ማለት ግን አይደለም። ቫንጋርድ የተባለው ግዙፍ የፈንድ ኩባንያ በ2012 ባወጣው ጥናት ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ ገበያ ታሪክ መርምሮ፣ በአንዴ ማስገባት በአሥራ ሁለት ወር ከፋፍሎ ከማስገባት ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የተገኘውም ተቀራራቢ ነበር። ምክንያቱ ምንም ምሥጢር የለውም። የአክሲዮን ገበያ በረዥሙ ሲታይ ከሚወርድባቸው ዓመታት የሚወጣባቸው ይበዛሉ፤ ባንክ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ገንዘብ ደግሞ ከዚህ ጭማሪ አይካፈልም።

ከፋፍሎ መግዛትን የሚያወድሱ ሰዎች አንድ የሚደጋግሙት ነገር አለ፦ ዋጋው ሲረክስ በሺህ ዶላሩ ብዙ ስለሚገዛ፣ የከፈልሽው አማካይ ዋጋ ምንጊዜም ከገበያው አማካይ ዋጋ ያንሳል ይላሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። በ2013 በየወሩ የገዛ ሰው አማካይ ክፍያው 1,610 ሲሆን፣ የአሥራ ሁለቱ ቀናት አማካይ ዋጋ 1,617 ነበር። ነገር ግን ማወዳደር ያለብን መጀመሪያ ቀን ከነበረው ከ1,426 ጋር ነው። ከአማካዩ በታች መግዛት ብቻውን ትርፍ አይደለም።

ታዲያ ከፋፍሎ መግዛት የሚጠቅመው ምንድን ነው? በእኔ እይታ ዋጋ የሚከፈልበት መድን ነው። የሚሸፍነውም በገባሽ ማግስት ገበያው ቢወድቅ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። አንዳንዱ ጀማሪ 12,000ው በአንድ ዓመት 7,380 ሆኖ ሲያይ ይደነግጣል፤ ሽጦ ይወጣና ተመልሶ አይገባም። እንዲህ ላለው ሰው መድኑ ዋጋውን ያወጣል። ሽፋኑ ግን ከአሥራ ሁለተኛው ወር አያልፍም። የመጨረሻው ሺህ ከገባ በኋላ ሁሉም ገንዘቧ ገበያው ውስጥ ነው፤ በአሥራ ሦስተኛው ወር ገበያው ቢወድቅ በአንዴ ካስገባችው ጎረቤቷ የተሻለ መጠለያ የላትም። በ2013 ጀምራ ቢሆን የምትፈራው ውድቀት ሳይመጣ መድኑ ባለቀ ነበር። መውደቁን ፈጽሞ የማትችለው ሰው መድኃኒቷ መዘግየት ሳይሆን አክሲዮን መቀነስ ነው፤ ከገንዘቡ የተወሰነውን ቦንድ ፈንድ ውስጥ ብታደርገው ጥበቃው ከዓመቱ በኋላም ይቀጥላል።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ የተለመደ ነው፤ መሀል ላይ ማቆም። በ2008 ኦክቶበር መጨረሻ መለኪያው 969፣ በኖቬምበር መጨረሻ 896 ነበር። ዜናው ሁሉ የባንክ ውድቀት በነበረበት በዚያ ሰሞን፣ "ትንሽ ልጠብቅ፣ ገበያው ይረጋጋ" ማለት የማንም ስሜት ነው። ሆኖም በእነዚያ ሁለት ወራት የገባው 2,000 ዶላር፣ በ2013 ማርች መጨረሻ መለኪያው ወደ 1,569 ሲመለስ 3,370 ገደማ ሆኗል። በ2007 ዲሴምበር የገባ 2,000 ግን በዚያው ቀን 2,140 ያህል ብቻ ነበር። ከፋፍሎ የመግዛት ጥቅሙ ሁሉ ያለው በሚያስፈሩት ወራት ነው፤ እነሱን የዘለለ ሰው የመድኑን ዋጋ ከፍሎ መድኑን ጥሎታል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ አንድ ምልክት አለ፦ ግዢውን በየወሩ በእጅሽ ለመፈጸም ካሰብሽና ቀኑ ሲደርስ ዋጋውን አይተሽ የምትወስኚ ከሆነ፣ ዕቅድ ሳይሆን ግምት ነው የያዝሽው። የሚሻለው የድለላ ኩባንያው በተወሰነ ቀን በራሱ እንዲገዛ ትእዛዝ መስጠት ነው፤ የሚያበቃበትም ቀን ከመጀመሪያው ይታወቅ።

አሁን ወደ እቁቡ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው እዚህ ነው። እጣው ስንተኛ ላይ ወጣ? በመጀመሪያው ወር ከወጣላት፣ ከ12,000ው ውስጥ የራሷ የጣለችው 1,000 ብቻ ነው። የቀረው 11,000 የሌሎች እቁብተኞች ገንዘብ ነው፤ ወለድ ባይኖረውም ዕዳ ነው። ያን ሁሉ አክሲዮን ውስጥ ብታስገባ በብድር ገንዘብ እየገዛች ነው። በ2007 መጨረሻ አስገብታ በ2008 ኦክቶበር መጨረሻ ከሥራ ብትቀነስ፣ የቀሯትን ሁለት ጥሎች ለመክፈል የምታገኘው 2,000 ዶላር በ3,030 ገደማ የገዛችውን ድርሻ ሸጣ ነው። ለእርሷ ዋናው ጥያቄ ቢያንስ የጥቂት ወር ወጪና የእቁቡ ጥል የሚሸፈንበት ተቀማጭ አላት ወይ የሚለው ነው። ከሌላት ገንዘቡ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ደመወዟ እቁቡን እየከፈለ በሄደ ቁጥር ያንኑ ያህል ወደ ፈንዱ ብታሻግር፣ የምታስገባው ሁልጊዜ በእርግጥ የራሷ የሆነውን ነው። እዚህ ላይ ከፋፍሎ ማስገባት ከስሜት ሳይሆን ከዕዳው የመጣ ትክክለኛ መንገድ ነው።

መጨረሻ የወጣላት ሴት ሁኔታ ተቃራኒ ነው። 12,000ው ሙሉ በሙሉ የራሷ ነው፤ የመጀመሪያው ሺህ ደግሞ ያለ ወለድ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ይህንኑ ገንዘብ እንደገና ለአሥራ ሁለት ወር ብትከፋፍለው አንዳንዱ ዶላር ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከገበያው ውጭ ይቆያል። ለአምስትና ለአሥር ዓመት የማትነካው ገንዘብ ከሆነ፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳም ከሌለባት፣ በአንዴ ብታስገባው እመርጣለሁ። እጇ እምቢ ካለ ግማሹን ዛሬ፣ የቀረውን በሦስት ወር ውስጥ ታስገባ። ከስድስት ወር በላይ መጎተት ግን አይታየኝም።

ይህ ሁሉ ሒሳብ የቆመው ብዙ ኩባንያዎችን በያዘ ሰፊ ፈንድ ላይ ነው። አንድ ኩባንያ ወድቆ ላይነሳ ይችላል፤ በየወሩ ከፋፍሎ መግዛትም አያድነውም። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 ጃንዋሪ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር፤ የአንድን ባንክ አክሲዮን አዲስ አበባ ላይ ለሚገዛ ሰው የአሜሪካው የመቶ ዓመት ገደማ ታሪክ ዋስትና አይሆነውም። አገር አቀፍ መለኪያም ቢሆን ሊዘገይ ይችላል፦ የጃፓኑ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ጣሪያ ያለፈው በ2024 ነው።

ላብራቶሪ ሠራተኛዋ ከደመወዟ በየወሩ 500 ዶላር የምታስገባ ከሆነ፣ በሠላሳ ዓመት የምታስገባው 180,000 ዶላር ነው። በ2008 እና በ2013 ምሳሌዎች የሁለቱ መንገዶች ልዩነት 1,380 እና 1,780 ዶላር ነበር፤ ይህ ሦስት ወር ወይም ሦስት ወር ተኩል የሚሆን የደመወዝ ቁራጭ ነው። የትኛው ይሻላል እያለች ስታወላውል አንድ ዓመት የደመወዙን ቁጠባ ብታቆም 6,000 ዶላር ሳይገባ ይቀራል። በተለይ አሠሪዋ እርሷ በምታስገባው ልክ የሚጨምርላት ከሆነ፣ ያ ዓመት የአሠሪዋንም ድርሻ ይዞ ይሄዳል፤ ያለፈውን ዓመት ድርሻ ደግሞ በኋላ ጠይቆ ማግኘት አይቻልም።