የቤት ኪራይ ቀን ሲቀየር የመካከሉ ቀናት ሒሳብ እንዴት ይሁን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ተከራይቶ የሚኖር ሰው አንዳንዴ የሚቸገረው ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን ቀኑ አልገጥም ብሎት ነው። ኪራዩ በ15 ይጠበቃል፣ ደመወዙ ግን ከሳምንት በኋላ ይገባል። በየወሩ ከአከራይ ጋር መሳቀቅ፣ ስልክ ሲጮህ መደንገጥና "ትንሽ ቀን ታገሡኝ" ማለት ይለመዳል። መፍትሔው የመክፈያውን ቀን በስምምነት መቀየር ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ሲቀርብ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ እሱም በአሮጌውና በአዲሱ ቀን መካከል ያሉት ቀናት ሒሳብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሒሳብ አከራይ በማይጎዳበት፣ ተከራይም ሪባ ውስጥ በማይገባበት መንገድ እንዴት መሥራት እንደሚቻል እናያለን።

ቀኑ ለምን አይገጥምም?

የቤት ኪራይ በአብዛኛው የሚቆጠረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም በኢትዮጵያ ወር ስለሚሄድ፣ ለምሳሌ ደሴ ላይ የሚያስተምር መምህር ኪራዩን ከደመወዙ ቀን ጋር አንዴ ካስማማ ብዙ አይቸገርም። ደመወዛቸውን በፈረንጅ ወር መጨረሻ የሚከፍሉ የግል ድርጅቶች ሠራተኛ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ሲሆን የፈረንጁ ከ28 እስከ 31 ይሆናል። ስለዚህ የደመወዙ ቀን በኛ አቆጣጠር ሲታይ በየወሩ ይንሸራተታል።

በ2018 ዓ.ም. የፈረንጅ ወር የመጨረሻ ቀን በመስከረም 20 ላይ ዋለ። በጥቅምትና በኅዳር 21፣ በታኅሣሥ 22፣ በጥር 23 ይውላል። እንዲህ እያለ በሐምሌ 24፣ በነሐሴ ደግሞ 25 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ተከራዩ የኅዳርን ደመወዝ አይቶ "በ21 እከፍላለሁ" ብሎ ቢዋዋል፣ ነሐሴ ላይ አራት ቀን ዘግይቶ መገኘቱ አይቀርም። ቀን ሲመረጥ የዓመቱን መጨረሻ አይቶ፣ ደመወዙ እሑድ ወይም በዓል ላይ ቢውል ለባንክ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ መሆን አለበት። በዚህ ስሌት 27 ቀን ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ቤት ማከራየት በፊቅህ ኢጃራ ይባላል። ኢጃራ የቤቱን ጥቅም ለታወቀ ጊዜ በታወቀ ዋጋ መሸጥ ነው። ኪራዩ በቅድሚያ፣ በመጨረሻ ወይም በየወሩ እንዲከፈል መስማማት ይቻላል። ቀን ሳይነገር ከቀረ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ በሻፊዒያና በሐንበሊያ ዘንድ ኪራዩ በውሉ ወዲያው ይገባል፣ በሐነፊያና በማሊኪያ ዘንድ ደግሞ ቤቱ ጥቅም ላይ በዋለ መጠን እየተጠየቀ ይሄዳል። ውሉ ላይ ቀን ከተቀመጠ ግን የሚሠራው ያ ቀን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ ላይ ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ አዝዟል። ስለዚህ ተከራይ ብቻውን ቀን መቀየር አይችልም፤ አከራይም ብቻውን ማሳጠር አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ኪራይ በውሉ በተወሰነው ጊዜ እንደሚከፈል ይደነግጋል። ሁለቱ ከተስማሙ ግን ቀኑን ማሻሻል በሸሪዓም በሕግም ክፍት ነው።

አንድ ምሳሌ

አንድ ወንድማችን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ፋብሪካ ይሠራል እንበል። ቤቱን የተከራየው ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት ሐጅያ ነው። ኪራዩ በወር 4,500 ብር ሲሆን ከ15 እስከ በቀጣዩ ወር 14 ያለውን ጊዜ በቅድሚያ በ15 ይከፍላል። ደመወዙ በፈረንጅ ወር መጨረሻ ስለሚገባ፣ 15 ሲደርስ ከሦስት ሳምንት በላይ አልፎት እጁ ባዶ ይሆናል። ቀኑ ወደ 27 እንዲዛወር ይፈልጋል።

ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው የኪራዩ ዘመን ከ15 እስከ 14 እንደሆነ ቀርቶ መክፈያው ብቻ ወደ 27 መሄዱ ነው። በዚህ መንገድ ሐጅያ አንድ ብር አይጎድልባቸውም፣ ሆኖም በየወሩ 12 ቀን ቤታቸው ያልተከፈለበት ሆኖ ይቆያል። ቅድሚያ ክፍያ ለአከራይ ዋስትና ነውና ይህን መቀበል ከሳቸው የሚሰጥ ውለታ ነው። ሊጠየቁ ይቻላል፣ ሊገደዱ ግን አይገባም።

ሁለተኛው መንገድ የኪራዩ ዘመን ራሱ እንዲዛወር ማድረግና የመካከሉን ቀናት ኪራይ ለብቻው መክፈል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 4,500 ብር ለ30 ሲካፈል የቀኑ ኪራይ 150 ብር ይመጣል። ከ15 እስከ 26 ያለው 12 ቀን ነውና 1,800 ብር ይሆናል።

አከፋፈሉ እንዲህ ይሄዳል። ወንድማችን ጥቅምት 15 እንደ ወትሮው 4,500 ብር ከፍሏል፤ ይህ እስከ ኅዳር 14 ያለውን ይሸፍናል። የጥቅምት 21 ደመወዙን ሲቀበል፣ ጥቅምት 27 ላይ 1,800 ብር ይከፍላል። ይህ ከኅዳር 15 እስከ 26 ያለው ኪራይ ነው። ከዚያ ኅዳር 27 ሙሉ 4,500 ብር ከፍሎ እስከ ታኅሣሥ 26 ይኖርበታል። ከጥቅምት 15 እስከ ታኅሣሥ 26 ያለው 72 ቀን ነው፤ በቀን 150 ብር ሲባዛ 10,800 ብር ይሆናል። የሦስቱ ክፍያዎች ድምርም ያው 10,800 ነው። ሐጅያ አንድም ቀን ያለ ክፍያ አላደሩም፣ ተከራዩም ላልኖረበት ቀን አልከፈለም።

"ስላዘገየሁ ልጨምር" ማለት

አንዳንድ ሰው አከራዩን ለማስደሰት ብሎ "ለዘገየሁበት በየወሩ 200 ብር ልጨምር" ይላል። ነገሩ ደግነት ይመስላል፣ ነገር ግን ልዩነቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። 1,800ው ብር ሰው በቤት ውስጥ ለኖረባቸው ቀናት የተከፈለ ዋጋ ነው። 200ው ብር ግን ምንም ቤት የለበትም፤ ተከራዩ ላይ ያለ ዕዳ ስለዘገየ የተጨመረ ነው። ዕዳ ላይ ለጊዜ ብሎ ጭማሪ መዋዋል በጃሂሊያ ዘመን የነበረው ሪባ ነው፤ ጭማሪውን ተከራዩ በፈቃዱ ማቅረቡም ሐላል አያደርገውም።

ከዚህ የተለየው የወደፊት ኪራይ ነው። ሁለቱ ተስማምተው "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ 4,600 ይሁን" ቢሉ ገና ላልተኖረበት ጊዜ የተቆረጠ ዋጋ ስለሆነ ይፈቀዳል። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት (አዮፊ) በኢጃራ መመዘኛው ላይ ይህንኑ ለይቷል፤ የወደፊቱ ኪራይ በስምምነት ይሻሻላል፣ ጊዜው ያለፈና ዕዳ የሆነ ኪራይ ግን አይጨመርበትም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ብር የሚከፈለው ለየትኞቹ የመኖሪያ ቀናት ነው? ለቀናት መልስ ከሌለው ሊያስፈራን ይገባል።

ለአከራይ እንዴት ይቅረብ?

ጥያቄው ከመዘግየት በኋላ ሳይሆን ያለዕዳ በሆኑበት ሰዓት፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢቀርብ ይሻላል። በ15 ከፍሎ በማግስቱ የሚጠይቅ ሰው ቃሉ ይታመናል። ምክንያቱም ሰፊ ታሪክ ሳይሆን የደመወዙ ቀን ብቻ ይሁን፤ የባንክ መልእክቱን ማሳየት በቂ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"ሐጅያ፣ እንደምን ከረሙ? የዚህን ወር ከፍያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ላማክርዎ። ደመወዜ የሚገባው ከ20 በኋላ ስለሆነ በ15 ላይ እየተሳቀቅኩ ነው። ቀኑ 27 ቢሆንልኝ በሰዓቱ አደርስልዎታለሁ። የመካከሉን የ12 ቀን 1,800 ብር አስቀድሜ ጥቅምት 27 እሰጥዎታለሁ። እርስዎስ በ15 የሚጠብቅዎ ወጪ አለ?"

የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት። አከራዮች ብዙ ጊዜ የኪራዩን ብር በቀኑ የሚያውሉት ዕቁብ፣ መድኃኒት ወይም የልጅ ወጪ አላቸው። ሐጅያ "ልጄ፣ በ20 የ3,000 ብር ዕቁብ አለብኝ" ቢሉ፣ የሚጨንቃቸው ኅዳር ብቻ ነው፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ባለፈው 27 የተቀበሉት ብር ለዕቁቡ ይደርስላቸዋል። ስለዚህ ወንድማችን ጥቅምት 27 ላይ 1,800 ብቻ ሳይሆን 3,000 ብር ቢሰጥ፣ 1,200ው ከኅዳር 27 ኪራይ ይታሰብና በዚያ ቀን 3,300 ብር ብቻ ይከፍላል። ሐጅያ ዕቁባቸውን ይጥላሉ፣ ድምሩም አልተለወጠም።

ሐጅያ ባይስማሙስ? መብታቸው ነው። ወንድማችን ቀድሞ በተዋዋለበት ቀን መክፈሉን ይቀጥላል። መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማጓተቱ በደል መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ አስተምረዋልና፣ እምቢታው ለማዘግየት ዑዝር አይሆንም። ውሉ ሲታደስ ግን ጉዳዩን እንደገና ማንሳት ይችላል።

ይጻፍ

በቃል ብቻ የተቀየረ ቀን ጠብ የሚያመጣው ተከራዩ ሲለቅ ነው። አከራይ "የ12 ቀን ቀርቶብኛል" ይላሉ፣ ተከራይ "ከፍያለሁ" ይላል፣ ደረሰኙ ላይ ደግሞ "የኅዳር ኪራይ" ብቻ ተጽፎ ይገኛል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ የዘመን ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ያዘዘው እንዲህ ያለው ጥርጣሬ እንዳይነሳ ነው።

ጽሑፉ አጭር ቢሆንም ይበቃል፦ "በመካከላችን ያለው የቤት ኪራይ ውል እንደጸና ሆኖ፣ መክፈያው ከ15 ወደ 27 ተዛውሯል። ከኅዳር 15 እስከ 26 ላለው 12 ቀን 1,800 ብር ተከፍሏል። ከኅዳር 27 ጀምሮ የኪራዩ ወር ከ27 እስከ በቀጣዩ ወር 26 ነው። የጳጉሜን ቀናት አቆጣጠር እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።" ሁለቱ ይፈርሙበት፣ ሁለት ምስክር ይኑር፣ ለየእጃቸው አንዳንድ ቅጂ ይቅር። የመጀመሪያው ውል በከተማው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ከነበረ ማሻሻያውም እዚያው ይድረስ። ከዚያ በኋላ በባንክ ሲላክም ሆነ በእጅ ሲሰጥ ከወሩ ስም ይልቅ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን" ተብሎ ይጻፍ።

ወላሁ አዕለም።