ደብተሩ ላይ 7 በመቶ፣ ገበያ ላይ ኪሳራ

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድን መነሻ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። 7 በመቶው ስመ ወለድ ነው፤ ብሩ የሚገዛውን አይናገርም።

በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ለቡ የሚኖር አንድ ቆጣቢ 100,000 ብር አስቀመጠ እንበል። በዓመቱ 107,000 ብር ያገኛል። ንረቱ በልኩ 30 በመቶ ቢሆን ግን፣ ያኔ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ አሁን 130,000 ብር ይጠይቃል።

ብዙዎች ከ7 ላይ 30 ቀንሰው እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች 23 በመቶ ነው ይላሉ። መቀነስ የሚያዋጣው ንረቱ ዝቅተኛ ሲሆን ነው፤ እዚህ ማካፈል ያስፈልጋል። 107 ለ130 ሲካፈል 0.823 ይሆናል፤ ቆጣቢው ከመግዛት አቅሙ ወደ 18 በመቶ አጥቷል።

በ16 በመቶ የተበደረ ጎረቤቱስ? 116 ለ130 ሲካፈል 0.892 ነው። ገቢው ከዋጋው እኩል ካደገ፣ ዕዳው ከነወለዱ ቀልሎለታል፤ ደመወዙ ካልጨመረ ግን ይህ እፎይታ አይደርሰውም።