የጥርስ ሽቦና ግልጽ ቅርፊት፤ የትኛው ለማን ይሆናል?

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ከጓደኞቻችን መካከል ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ ጥርሳቸውን ለማስተካከል አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሐኪም ሄዱ። አንዱ የቢቸና ልጅ ነው፤ ሁለተኛዋ የሞጣ ልጅ ናት። እርሱ ቀርበው ካላዩት በቀር የማይታይ ግልጽ ፕላስቲክ በጥርሱ ላይ ለብሶ ተመለሰ። እርሷ ግን በሣቀች ቁጥር የሚያብለጨልጭ ሽቦ ታስሮላት መጣች። በምግብ አዳራሽ ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ «ገንዘብ ያለው ፕላስቲኩን፣ የሌለው ሽቦውን ያደርጋል» ተባለ። እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ከሕክምና ይልቅ ለክርክር የቀረብን ነንና ከተከራካሪዎቹ መካከል ነበርን። በኋላ ሁለቱን ጓደኞቻችንን እየተከተልን ስንጠይቅና ስናነብ ግን ጉዳዩን የወሰነው ኪስ ሳይሆን የጥርሱ ሥር መሆኑን ተረዳን።

በመጀመሪያ ጥርስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ጥርስ እንደ ምስማር በአጥንት ውስጥ የተመታ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ ጉድጓድ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ የማይበልጥ ውፍረት ያለው የጅማት ንጣፍ አለ፤ ጥርሱ በዚህ ጅማት ተንጠልጥሎ ይኖራል። አንድ ቀላል ኃይል ጥርሱን ሳያቋርጥ ወደ አንድ ወገን ቢገፋው፣ በሚጫነው ወገን ያለውን አጥንት ሕዋሳት ይበሉታል፤ በሚሳበው ወገን ደግሞ ሌሎች ሕዋሳት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ስለዚህ ጥርሱ በአጥንቱ ውስጥ ይሄዳል፤ ፍጥነቱም በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኃይሉን ማብዛት መንገዱን አያሳጥርም፤ እንዲያውም ጅማቱን አጥብቆ በመጫን ደም እንዳይደርሰው ያደርግና ጥርሱን ያቆመዋል፤ ሥሩንም ሊያሳጥረው ይችላል። ሽቦውም ፕላስቲኩም የሚሠሩት በዚሁ አንድ ሕግ ነው። ልዩነታቸው ጥርሱን በሚይዙበት አኳኋን ነው።

ሽቦው እንዲህ ነው። በያንዳንዱ ጥርስ ፊት ብራኬት የምትባል ትንሽ ቁራጭ በሙጫ ትለጠፋለች፤ በብራኬቶቹ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ሽቦ ያልፋል። መጀመሪያ የሚገባው ቀጭንና ተጣጣፊ ነው፤ በኋላ ወፍራምና ጠንካራ ብረት ይተካዋል። ጠንካራው ሽቦ በስንጥቁ ውስጥ ሞልቶ ስለሚቀመጥ የጥርሱን ራስ ብቻ ሳይሆን ሥሩንም ሊያዞርና ሊያቃና ይችላል። የሽቦው ትልቅ ጉልበት ይህ ነው።

ግልጹ ቅርፊት፣ በውጭ ቃል አላይነር የሚባለው፣ አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ኬስሊንግ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በቅርጸ ጥርስ ላይ የተሠሩ መሣሪያዎችን እየለዋወጡ ጥርስን በጥቂት በጥቂቱ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ነገሩ ለሰፊው ሕዝብ የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ድርጅት በካሊፎርኒያ ከተቋቋመና ሥራው በኮምፒዩተር መታቀድ ከተጀመረ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ቅርፊት ጥርሱን በሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲገፋ ሆኖ ይሠራል። ሰውዬው በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ለብሶት ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ለመብላትና ጥርስ ለመቦረሽ ያወልቀዋል።

አሁን ወደ ጓደኞቻችን እንመለስ። የቢቸናው ልጅ የታች የፊት ጥርሶቹ ተጨናንቀው አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ነበር። ሐኪሙ ለክቶ የጎደለው ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ነው አለው። ይህ ቀላል የሚባል መጨናነቅ ነው። ቦታው የተገኘው ጥርስ በመንቀል አልነበረም። በአምስት የጥርስ መገናኛዎች ላይ በቀጭን ሞረድ ከያንዳንዱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ 2 ሚሊ ሜትር ተገኘ፤ የቀረው አንድ ሚሊ ሜትር ጥርሶቹን በጥቂቱ ወደ ፊት በማውጣት ተሞላ። 16 ቅርፊቶች ተሰጡት፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሳምንት ለበሰ። ይህም 32 ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ አንድ ጥርስ ገና ጠመም ብሎ ስለ ተገኘ እንደ ገና ተለክቶ 5 ቅርፊቶች ተጨመሩለት፤ 10 ሳምንትም ወሰደ። በጠቅላላው 10 ወር ያህል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስለ ሆነ መጀመሪያ የሚነገረውን ጊዜ ብቻ ይዞ መቁጠር ስሕተት ነው።

የሞጣዋ ልጅ ነገር ሌላ ነበር። የላይኞቹ ሁለት ክራንቻዎቿ ቦታ አጥተው ከድዷ ከፍ ብለው ወደ ውጭ ወጥተዋል። በልጅነቷ የኋላ የወተት ጥርሶቿ ያለ ጊዜያቸው ስለ ወለቁ መንጋጋዎቹ ወደ ፊት ተንሸራተው የክራንቻውን መቀመጫ ይዘውታል። የጎደለው በያንዳንዱ ወገን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን በመሞረድ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ትንሹ መንጋጋ ጥርስ፣ ስፋቱ እርሱም 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ በግራና በቀኝ ተነቀለ። የታች ጥርሶቿ በቂ ቦታ ስለ ነበራቸው ከዚያ የተነቀለ የለም።

እንግዲህ ቅርፊቱ ለርሷ ያልሆነው እዚህ ላይ ነው። በተነቀለው ጥርስ ባዶ ቦታ ላይ ክራንቻውን ወደ ኋላ ስንስበው ፕላስቲኩ የጥርሱን ራስ ያቅፋል እንጂ ሥሩን አይጨብጥም። ራሱ ይሄዳል፣ ሥሩ ይቀራል፤ ጥርሱም እንደ ተገፋ የአጥር እንጨት ያዘነብላል። ክራንቻ ደግሞ ሥሩ ከጥርሶች ሁሉ የረዘመ፣ ቅርጹም ክብ ስለ ሆነ ፕላስቲኩ ሊያዞረው ሲሞክር ይንሸራተታል። በድድ ውስጥ ከፍ ብሎ የቀረን ጥርስ ወደ ታች ማውረድም ለቅርፊቱ ከሚከብዱት ሥራዎች አንዱ ነው። በጥርስ ላይ ትናንሽ ጉብታ እየለጠፉ የሚያግዙ ሐኪሞች አሉ፤ የተካነ ሰው ሲይዘው ብዙ ርቀት ይሄዳል። ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሽቦው የታመነ ነው። ክራንቻዎቹን ለማስገባት ብቻ ከ7 ወር በላይ ሄደ፤ የፊት ጥርሶቹን ለመሰብሰብና ሥሮቹን ለማቃናት የቀረው ጊዜ ተጨምሮ በ24 ወር አለቀ። በየስድስት ሳምንቱ ስትመላለስ 17 ጊዜ ያህል ሐኪም ዘንድ ቀርባለች ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናንሣ። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ጥርሱ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ በመሣሪያ ተቆፍሮ ይወጣል። ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አብሮ ሊጎዳ ወይም ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ የተደረገለት ሰው ራጅ ሳይነሣ ሽቦም ሆነ ቅርፊት ሊታዘዝለት አይገባም፤ የሚጠበቀው ክራንቻ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላልና።

ስለ ኑሮው ደግሞ እንናገር፤ ክርክራችን የተነሣው በምግብ አዳራሽ ነውና። ሽቦ ያሰረ ሰው የቆሎ ነገር ይቅርበት። አንዲት ጠንካራ ሽምብራ ብራኬቱን ታወልቀዋለች። በቆሎ እሸት በጥርስ መጋጥ፣ ሥጋ በጥርስ ይዞ መጎተት፣ መፋቂያውን በፊት ጥርስ ማኘክ እንዲሁ ነው። በሽቦው ዙሪያ በደንብ ያልቦረሸም ሽቦው ሲወልቅ በጥርሱ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ያገኛል። እኅታችን ለፋሲካ ሞጣ ሳለች አንድ ብራኬት ወልቆ ሽቦው ጉንጯን ወጋት። ለርሱ ብቻ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ መምጣት ከባድ ስለ ሆነ ሐኪሙ የሰጣትን ሰም በሽቦው ጫፍ ላይ እየለጠፈች አንድ ሳምንት ቆየች።

የቢቸናው ጓደኛችን በዚህ በኩል ተሻለው። ክረምቱን አገሩ ሲሄድ አምስት ቅርፊቶች ይዞ ሄደ፤ በየሁለት ሳምንቱ ራሱ እየለወጠ ቆየ። የርሱ መከራ ቡና ነበር። ቅርፊቱ በቀን ከ22 ሰዓት ካላነሰ የሚወልቅበት ጊዜ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ምሳና እራት አንድ ሰዓት ቢወስዱ፣ እናቱ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያደርሱ ሌላው ሰዓት አለቀ፤ ጎረቤት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይጠራል። ፕላስቲኩን ሳያወልቅ ትኩስ ቡና እንዳይጠጣ፣ ሙቀት ቅርጹን ያጣምመዋል፤ ቀለሙም ይይዘዋል። በጾም ወራት ምግቡ ስለሚያንስ ሰዓቱ ተርፎት ነበር። ሰዓቱ እየጎደለ መሆኑን የሚያውቀው በአዲሱ ቅርፊት ነው። ሲለብሰው በጥርሱ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ባዶ ክፍተት ከታየ ጥርሱ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ያን ጊዜ ወደሚቀጥለው ሳይሄዱ የቀድሞውን ጥቂት ቀን መጨመር ይገባል።

ሁለቱም ከጨረሱ በኋላ ሐኪሞቻቸው የሰጧቸው የመጨረሻ ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ሪቴይነር የሚባል ማቆያ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ግን በድዱ ውስጥ አለ። ጥርሱ ሲሄድ በአንገቱ ዙሪያ ያሉት የድድ ክሮች እንደ ላስቲክ ተለጥጠዋል። በሥሩ ዙሪያ ያለው ጅማት በሦስትና በአራት ወር ራሱን ያስተካክላል፤ የድዱ ተለጣጭ ክሮች ግን አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዱባቸዋል፤ እስከዚያ ጥርሱን ወደ ጥንት ስፍራው ይስቡታል። ከዚህም ሌላ ዕድሜ ራሱ የታች የፊት ጥርሶችን ያጨናንቃል። በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊትልና ባልደረቦቹ ጥርስ ተነቅሎላቸው የታከሙ 65 ሰዎችን ማቆያ ካቆሙ ከ10 ዓመት በኋላ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳስታወቁት፣ የታች የፊት ጥርሳቸው በደንብ ተስተካክሎ የቆየላቸው ከመቶ 30 አይሞሉም።

ስለዚህ ማቆያው መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ይለበሳል፤ የሌሊቱ መጨረሻ የለውም። ወይም በታች ጥርሶች ጀርባ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ቀጭን ሽቦ ይለጠፋል። ፍንጭታቸውን ያስገጠሙ ሰዎች በተለይ ይህን ይፈልጋሉ፤ ፍንጭት ማቆያ ካጣ ከሚመለሱት ሁሉ ቀዳሚ ነውና። አገሩ ፍንጭትን እንደ ውበት ሲያይ መግጠሙ ለምን እንዳስፈለገ ግን እኛ አልገባንም።

ጓደኛችን ይህን የተማረው ሕክምናው ባለቀ በስድስተኛው ወር ነው። ቢቸና እራት ሲበላ ማቆያውን በወረቀት ጠቅልሎ ገበታው ላይ ተወው፤ ከፍርፋሪው ጋር ተጣለ። ሌላውን ቅርፊት አዲስ አበባ ትቶት ስለ መጣ ስድስት ሳምንት ባዶውን ቆየ። ሲመለስ የመጨረሻውን ቅርፊት ቢሞክር አልገባም። የዚያን ፊተኛ ቢያደርግ እያጠበቀም ቢሆን እስከ ጥርሱ ሥር ገባለት፤ ቢያጠብቅም ሙሉ በሙሉ ከገባ ጥርሱ ገና አልራቀም ማለት ነው። በርሱ ሁለት ሳምንት፣ በመጨረሻው ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጥርሱ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ከዚያም አዲስ ማቆያ አሠራ። አሁን ማቆያው የሚቀመጠው ቀይ ቀለም በተቀባች የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ አሮጌዎቹን ቅርፊቶችም አልጣላቸውም።