ሁለት አሲዶች በአንድ መደርደሪያ

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አሲድ የተባለን ሁሉ በአንድ ቁም ሳጥን ማጨቅ የተለመደ ነው። ለዓይን ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ግን ናይትሪክ አሲድና ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ጎን ለጎን መቀመጥ የለባቸውም።

ሁለቱም ቆዳን ያቃጥላሉ። አሴቲኩ ግን እሳትም ይይዘዋል፤ መለያው ላይ የነበልባል ምልክት አለ። በናይትሪኩ መለያ ላይ ያለው ነበልባል ደግሞ ከክብ በላይ የሚነድ ነው፤ ሌላውን አቀጣጣይ መሆኑን ይናገራል። ፈስሰው ቢገናኙ እሳት፣ ሲከፋም ፍንዳታ ሊያስነሱ ይችላሉ።

ስለዚህ የንብረት መዝገቡ ከስም ያለፈ ነገር ይፈልጋል፦ “ናይትሪክ አሲድ፣ 68 በመቶ፣ አቀጣጣይ፣ ቁም ሳጥን ለ፣ ታችኛው መደርደሪያ፣ ቀሪ 900 ሚሊ ሊትር።” ታችኛው የተባለው ጠርሙሱ ቢያመልጥ ፊት ላይ እንዳይደፋ ነው።

መቼ ይታዘዝ? በወር 100 ሚሊ ሊትር የሚጠቀም፣ ዕቃው በሦስት ወር የሚደርሰው ትምህርት ቤት 300 ያስፈልገዋል፤ የአንድ ወር መጠባበቂያ ሲታከል 400 ይሆናል። ቀሪው እዚያ ሲደርስ ይታዘዛል። ረከሰ ተብሎ አምስት ጠርሙስ መግዛት ግን ቁጠባ አይደለም፤ የተረፈውን ማስወገድ ራሱ ወጪ ነው።

መለያው የተላጠ ጠርሙስ ከተገኘ ማንም አሽትቶ ለመለየት አይሞክር፤ ለብቻው ይቀመጥና ባለሙያ ይጠራ።