ቶንሲል ሲታመም ጆሮ ለምን ይወጋል?

ቶንሲሉን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ ሰው በቀጣዮቹ ቀናት ምራቁን በዋጠ ቁጥር ጆሮውን ሊወጋው ይችላል። ሐኪሙ በመብራት ሲያየው ግን ታምቡሩ ጤናማ ነው። ነገሩ የነርቭ ነው። ከአንጎል ከሚነሱት 12 ጥንድ ነርቮች 9ኛው የቶንሲልንና የምላስ ሥርን ስሜት ያደርሳል፤ አንድ ቅርንጫፉ ደግሞ ከታምቡሩ ጀርባ ወዳለው መሃል ጆሮ ይዘልቃል። መልእክቶቹ በአንድ መስመር ስለሚመጡ አንጎል የሕመሙን ቦታ ይስታል። ብዙዎቻችን የምንሮጥለት የጆሮ ጠብታ እዚህ አይረዳም፤ ጉሮሮው ሲድን ጆሮውም ይተወዋል። ድምፅን የሚያወጣው ማንቁርትም በ10ኛው ነርቭ በኩል እንዲሁ ጆሮን ያሳምማል። ስለዚህ የአንድ ወገን ጆሮ ሕመም ከ3 ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጉሮሮዎን ይመርምርልዎ።