ቤቱ የእህት፣ ካርታው የወንድም

ውጭ አገር ሠርቶ ያጠራቀመ ሰው አዲስ አበባ ቤት ሲገዛ ካርታውን በወንድሙ ወይም በእናቱ ስም ማውጣቱ የተለመደ ነው። አንዱ የሚያደርገው ለመምጣት ስለማይመቸው፣ ሌላው የውጭ ዜግነት ስለያዘ፣ ብዙው ደግሞ «የሥጋ ዘመዴ ነው» ብሎ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የዘመድን ክህደት ብቻ ነው። ዘመድ ፍጹም ታማኝ ሆኖም ቤቱ ሊጠፋ እንደሚችል ግን ብዙዎች አያውቁም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አልማዝ ቤይሩት ትሠራለች እንበል። ለዓመታት ገንዘቡን ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በሰው እጅ ለወንድሟ ለተሾመ ላከች። ተሾመም ቤት ገዛ፤ የሽያጭ ውሉን የፈረመው እሱ ነው፤ ካርታውም በስሙ ወጣ። ቤቱ የእህቱ መሆኑን ቤተሰቡም ጎረቤቱም ያውቃል፤ ወረቀት ላይ ግን የአልማዝ ስም የትም የለም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት ካርታ በስሙ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ይህን ግምት ማፍረስ የሚቻለው በአንቀጽ 1196 በተዘረዘሩት ጥቂት ምክንያቶች ነው፤ «ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ» ማለት ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

ተሾመ ባለትዳር ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ በአንዱ ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረትም የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ቢፋቱ ሚስትየው ግማሹን ትጠይቃለች፤ ጥያቄዋም ሕጋዊ ነው። ተሾመ ነግዶ ቢከስር ባለገንዘቦቹ የሚያስከብሩት በስሙ ያለውን ንብረት ነው። ካርታውን ባንክ አስይዞ ተበድሮ ባይከፍል ደግሞ ባንኩ በ1990 በወጣው አዋጅ መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው ተሾመ በድንገት ቢሞት ነው። ቤቱ ለልጆቹ ውርስ ይሆናል። ልጆቹ ስለ አክስታቸው ገንዘብ ላይሰሙ ይችላሉ፤ ለአካለ መጠን ካልደረሱ ደግሞ ሞግዚታቸው እንኳ እንደፈለገ «የእሷ ነው» ብሎ ሊለቅላት አይችልም።

አልማዝ ወንድሟን ብትከስስ በእጇ ያለው የሐዋላ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ገንዘብ መላኩን ያሳያል፤ ለምን እንደተላከ ግን አይናገርም። ተከሳሹ «ለእናታችን መጦሪያ የላከችው ነው» ሊል ይችላል። «አበድሬው ነው» ብትልም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው፤ ምስክር አይበቃም። ብታሸንፍ እንኳ የሚፈረድላት ቤቱ ሳይሆን ገንዘቡ ሊሆን ይችላል፤ ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የድሮ ገንዘብ የዛሬን ቤት አይገዛም።

መፍትሔው ቤቱን ከመጀመሪያው በራስ ስም መግዛት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ውጭ መኖሩ አይከለክለውም። የውጭ ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በ1994ቱ አዋጅ የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ አውጥቶ በስሙ መግዛት ይችላል። ዘመድ የሚያስፈልገው ለመሮጥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ውክልና ይበቃል። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተዘጋጅቶ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል።

ጥንቃቄው ያለው ውክልናው ውስጥ ነው። የተዘጋጁት ቅጾች ብዙ ጊዜ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚሉ ቃላት ይደረድራሉ። ለመግዛት፣ ውል ለመፈረምና ካርታውን በእርስዎ ስም ለማውጣት ከሚያስፈልገው ውጭ ያለውን ያስወጡ። የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን በግልጽ ካልተሰጠ ተወካይ ያንን ማድረግ አይችልም።

ካርታው አስቀድሞ በዘመድ ስም ከወጣስ? ዘመድዎ በሕይወትና በፈቃደኝነት እያለ በሽያጭ ወይም በስጦታ ውል ወደ እርስዎ ያዛውሩት። አስቀድሞ ይዞታው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣሩ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም መፈረም አለባት። የስም ማዛወሪያ ክፍያው ቢከብድም ከክስ ወጪ ጋር አይወዳደርም። በግል ተጽፎ ሽማግሌ የፈረመበት «ቤቱ የእህቴ ነው» የሚል ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ይደነግጋል።

ወንድምዎን ስለሚያምኑት ብቻ ካርታውን በስሙ አያድርጉ። ይልቁንም ትዳሩ፣ ንግዱና ልጆቹ ከእርስዎ ቤት ጋር እንዳይነካኩ ካርታውን በስምዎ ያውጡ፤ እሱንም ከነገው ክስ ያድኑታል።