ቀለሙ ያው ነው፤ ታዲያ ሙሽራዋን ምን አሳበጣት?

የሰርግ ወቅት ሲደርስ «ዶክተር፣ ይህን የፀጉር ቀለም ለምጄዋለሁ፤ ምን ያደርገኛል?» የሚል መልእክት ይበዛብኛል። የቆዳ ሐኪም ነኝና ያከምኳትን የአንዲት ሙሽራ ታሪክ ልንገራችሁ።

በሰርጓ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን ጥቁር ተቀባች። ማታ ግንባሯን አሳከካት፤ ጆሮዋ ቀላ። ሊነጋጋ ሲል የዐይኖቿ ቆብ አብጦ ተጨፈነ። ስጠይቃት፣ ቀደም ሲል እጇ ላይ «ጥቁር ሂና» ተቀብታ አሳክኳት እንደነበር ነገረችኝ። መድኃኒት ጀመርንላት፤ እብጠቱ ግን እስከ ሰርጉ ሰዓት አልጎደለላትም።

1. እውነተኛ ሂና ቀይ ቡናማ ነው። የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው። የሙሽራዋ ሰውነት ያኔ አለርጂ ያዘ፤ ፀጉሯ ላይ ዳግም ሲያገኘው ተቆጣ። አለርጂው ለዓመታት ከለመዱት ቀለምም ሊጀምር ይችላል።

2. «አሞኒያ የለውም» ማለት ፒፒዲ የለውም ማለት አይደለም።

3. ከሰርጉ ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ በማሸጊያው መመሪያ መሠረት ጥቂት ቀለም ክንዳችሁ ላይ ሞክሩና 48 ሰዓት ጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ተዉት። ጥቁር ሂና አሳክኳችሁ የሚያውቅ ከሆነ ሳትሞክሩ ሐኪም አማክሩ።

4. ማሳከክ ከጀመረ ቀለሙን በብዙ ውሃና በለስላሳ ሻምፑ እጠቡ፤ እብጠቱን በሜካፕ አትሸፍኑ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ምላስ ካበጠ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በቅርብ የምትዳር እህት ካለቻችሁም አድርሱላት።